ከአዲስ አበባ ዶሎ መና በሞተር፦ ከመነሳት በፊት ያለው ሳምንት

በቆጂ ልገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አልደነገጥኩም። ትርፍ ከመነዳሪ ይዣለሁ። የጎማ ማውለቂያ ሊቫ አለኝ። ፖምፓም አለኝ። ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቆምኩ፣ ዕቃውን አወረድኩ፣ የመፍቻ ቦርሳዬን ዘረጋሁ። የኋላው ፔርኖ ዳዶ 24 ቁጥር ነው። የያዝኩት ትልቁ ቁልፍ 22 ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመና የእንግሊዝ ቁልፍ አዋሰኝ። «ሁሉን ይዘህ ዋናውን ረሳኸው?» አለኝ እየሳቀ። ዳዶው ከተፈታ በኋላ ከመነዳሪውን ቀይሮ መግጠም ያን ያህል ጊዜ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። ረጅም መንገድ ልወጣ ስል ሞተሩን ቤቴ ደጅ ላይ እፈታዋለሁ፤ የምፈታው ግን ለጉዞ በያዝኩት መፍቻ ብቻ ነው። ከጎረቤት ቁልፍ መዋስ የለም። ያልተፈታ ቡሎን ካለ ቁልፉ ይገዛል። በሥራው ሁሉ ያልነካሁት መፍቻ ካለ ደግሞ ቤት ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሕግ የወጣ ነው።

ምሳሌ የማደርገው የማውቀውን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፤ ከዚያ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ ጎባ። ከጎባ በኋላ ሳነቴ አምባ ላይ ወጥቶ በሐረና ጫካ ወርዶ ዶሎ መና። ደርሶ መልሱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኔ ስድስት ቀን እመድብለታለሁ። ሞተሩ ከተማ ውስጥ ዕለት ዕለት የምናየው ዓይነት ነው፦ 150 ሲሲ፣ ካርቡራተር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ጎማው ከመነዳሪ ያለው። ትልቅ የጉዞ ሞተር ያላችሁ ሰዎች አንዳንዱን ነገር ዝለሉት።

ሰባት ቀን ሲቀር፦ ሰርቪስ

ሰርቪስ በመነሻው ዋዜማ አይደረግም። አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ ችግሩን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ 100 እና 150 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ኬብል ይለቃል፣ ካቴና ይረግባል፣ በደንብ ያልጠበቀ ቡሎን ይላላል። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን ጋራዥ አጠገባችሁ ነው። ዲንሾ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዘይት ቀይሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመኪና ዘይት በመጨመር ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ፍትጊያ የሚቀንስ ንጥረ ነገር አላቸው። ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለተነከረ ፍሪሲዮን ግን መጥፎ። ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ያኔ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ጣሳው ላይ ለሞተር ሳይክል መሆኑ የተጻፈውን፣ በመመሪያው ደብተር ላይ ያለውን ቁጥር ግዙ። ግማሽ ሊትር ያህሉን ለመንገድ አስቀሩ።

የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አጽዱ ወይም ቀይሩ። የፍሬን ሸራ ከሳሳ አሁኑኑ ይቀየር፤ ከሳነቴ ወደ ሐረና ያለው ቁልቁለት ሸራ ይበላል። ካንዴላውን ቀይሩና አሮጌውን፣ ደህና ከሆነ፣ ጠቅልላችሁ ለትርፍ ያዙት። ቀድሞ ሲሠራ የነበረ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ከሱቅ ወጥቶ ካልተሞከረ አዲስ ይሻላል።

ከዚያ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሥራ አለ። የጥፍር ቀለም ከእህት ወይም ከሚስት ተዋሱ። ዋና ዋና ቡሎኖችን አጥብቁና ዳዶውን እና የተቀመጠበትን ብረት የሚያገናኝ ቀጭን መስመር አስምሩ። የማርሚታው ቡሎን፣ የሞተሩ ማሰሪያዎች፣ የአሞርዛተሩ፣ የዕቃ መጫኛው፣ የፔርኖዎቹ ዳዶዎች። ማታ ማታ የባትሪ መብራት አብርታችሁ ስትዞሩ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ሁሉንም በቁልፍ መሞከር አይጠበቅባችሁም። ጠጠር መንገድ ላይ ቀድሞ የሚላላው ብዙ ጊዜ የዕቃ መጫኛው ነው።

ጎማ፦ ደጅ ላይ አንድ ጊዜ ማውለቅ

በረጅም መንገድ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥማችሁ የጎማ መተንፈስ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠው ለጎማ ነው።

መጀመሪያ የጎማውን ጎን አንብቡ። የእኔ የፊቱ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ይላል። የመጨረሻው 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሁለቱም 17 ስለሆኑ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ከመነዳሪ ይበቃኛል፤ ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም ልክ ተጽፎባቸው ይመጣሉ። የፊትና የኋላ ቸርኬያችሁ ቁጥር የሚለያይ ከሆነ ግን ሁለት ያዙ። ከመነዳሪ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ንፋስ አስሞሉና ቫልቩላው ሥር ምራቅ ቀቡ። አረፋ ካወጣ መልሱት። አዲስ ስለሆነ ደህና ነው ብሎ ማመን አያዋጣም።

አሁን ደጃችሁ ላይ ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁሙ። የኋላውን ጎማ በጉዞው መፍቻ ብቻ አውልቁ። መጀመሪያ የፍሬኑን ዘንግ ዳዶ ፍቱ። ከዚያ የፔርኖውን ዳዶ፤ ጫፉ ላይ ሽቦ መሳይ መቆለፊያ ካለ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፣ አትጣሉት። ፔርኖውን ሳታወጡ በፊት የካቴና ማጥበቂያዎቹ ስንተኛው ጭረት ላይ እንዳሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ፔርኖው ሲወጣ የሚወድቁ አጫጭር ቱቦዎችና ሮንዴላዎች አሉ። የቱ በየት በኩል እንደነበረም ፎቶ አንሱ። ይህንን መጀመሪያ መንገድ ዳር ላይ ከተማራችሁት አንዷ ሣር ውስጥ ትጠፋለች፤ ጎማው ደግሞ ያለ እሷ በትክክል አይቀመጥም።

ንፋሱን በሙሉ አስወጡና የጎማውን ጠርዝ በእግራችሁ ረግጣችሁ ከቸርኬው አላቅቁ። ሊቫውን ከቫልቩላው አጠገብ አስገቡ። በተቃራኒው በኩል ያለውን ጠርዝ በጉልበታችሁ ወደ ቸርኬው መሐል፣ ጎድጎድ ወዳለው ቦታ ግፉ። ሚስጥሩ ሁሉ እዚህ ነው። ጠርዙ ጎድጓዳው ውስጥ ካልገባ ሊቫውን ለመስበር ትደርሳላችሁ። ከገባ ግን በሁለት ሊቫ በቀላሉ ይወጣል።

ከመነዳሪውን ጎትታችሁ ካወጣችሁ በኋላ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሩት። በእጅ አይደለም፣ በጨርቅ። ምስማር ወይም እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ከመነዳሪ በዚያው እሾህ ይወጋዋል፤ አይቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሴ አድርጌዋለሁ።

አዲሱን ስታስገቡ ቅርጽ እንዲይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ ስጡት። ጠርዙን መመለስ የምትጀምሩት ከቫልቩላው ተቃራኒ ነው፤ የምትጨርሱት ቫልቩላው ጋ። ጠርዙን ሳሙና ውኃ ቀቡት። የመጨረሻዋ ጣት የምታህል ቦታ ጠንካራ ናት። እዚያ ላይ ሊቫ በኃይል የሚያስገባ ሰው ነው ከመነዳሪውን ቆንጥጦ የሚቀደው። በጉልበት ወይም በጫማ ተጫኗት። ቫልቩላዋን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሳችሁ ሳቧት፤ ከጠርዙ ሥር የተያዘ ነገር ካለ ይለቃል።

የቫልቩላዋን ዳዶ ቸርኬው ላይ ድርቅ አድርጋችሁ አታጥብቁ። ወደ ላይ፣ ክዳኑ ጋ አስጠግታችሁ ተዉት። ጎማው ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ቫልቩላዋ ስትጋደል ታያላችሁ፣ ንፋስ መጉደሉንም ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ከታች ካጠበቃችኋት ግን ከሥሯ ትቆረጣለች።

በመጀመሪያ ሙከራዬ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። በሦስተኛው አርባ ደቂቃ። መንገድ ላይ ልጥፍ አልለጥፍም፤ አዲሱን ከመነዳሪ አስገብቼ እሄዳለሁ። የተበሳውን ማታ ከተማ ስደርስ ጎሚስታ ይለጥፈዋል፣ እሱ ደግሞ ትርፍ ይሆናል። መለጠፊያና ማስቲሽ የምይዘው በአንድ ቀን ሁለቴ ለሚበሳብኝ ጊዜ ነው።

ንፋሱን በተመለከተ፣ የእኔ ሞተር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ኋላ ለአንድ ሰው 28፣ ለሁለት ሰው 32 ይላል። ዕቃው እንደ ሁለተኛ ሰው ይቆጠራል፤ ስለዚህ 32 አስሞላለሁ። የእናንተን ወረቀት እዩ። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው። የብዙ ጎሚስታ መለኪያ ስለማይታመን እስክሪብቶ የምትመስለዋን ትንሽ መለኪያ ግዙ።

ካቴናና ኬብል

የኋላው ጥርስ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ካቴናውን በሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናው አልቋል። ከትንሹና ከትልቁ ጥርስ ጋር አንድ ላይ ይቀየራል። አሮጌ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል፤ ካቴናውን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም።

ደህና ከሆነ ልሉን ለኩ። በሁለቱ ጥርሶች መሐል፣ ከታች በኩል፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች ልክ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት ያህል። ግን ጎማውን እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ ለኩ። አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ ይላላል። የምታስተካክሉት በጠበቀው ቦታ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ዕቃ ሲጫን የኋላው ዝቅ ስለሚል ካቴናው የበለጠ ይወጠራል። ባዶውን ሞተር በመሐል ማቆሚያ አቁማችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ የትንሹን ጥርስ ኩሽኔታ ትጎዳላችሁ። ዕቃውን ጭናችሁ፣ ራሳችሁ ተቀምጣችሁበት፣ ሌላ ሰው ይለካላችሁ።

የካቴናውን መጋጠሚያ አንድ ትርፍ ያዙ። ብር የማይባል ዋጋ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሲገጠም የቅንጥቡ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። ተገልብጦ ከተገጠመ የሆነ ነገር ሲነካው ወልቆ ይሄዳል።

የፍሪሲዮን ኬብል ላይ የምሠራው ዘዴ ከሁሉ የምወደው ነው። ትርፉን ኬብል ቦርሳ ውስጥ አልይዝም። በሚሠራው ኬብል ጎን፣ በዚያው መንገድ፣ ከመሪው እስከ ሞተሩ አስተኝቼ በናስትሮ አስረዋለሁ። ሁለቱንም ጫፍ አቧራ እንዳይገባ በላስቲክ እጠቀልላለሁ። የሚሠራው ሲበጠስ ሰርባቶዮ ማንሳት የለም፣ በሽቦ መካከል ማሾለክ የለም። ጫፎቹን አላቅቆ ሌላውን መስካት ነው። አምስት ደቂቃ። የቤንዚን መስጫውን ኬብል ግን ለብቻው ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ እሱ አጭር ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም።

ምን ልያዝ?

ደጅ ላይ ጎማውን አውልቃችሁ፣ ካቴና አስተካክላችሁ፣ ካንዴላ ፈትታችሁ፣ የአየር ፊልትሮ አውጥታችሁ፣ የካርቡራተሩን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ከጨረሳችሁ መልሱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የእኔ ቦርሳ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

- ቁልፎች፦ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17 እና ያ መከረኛ 24
- የካንዴላ መፍቻ፣ ጫፉ የሚገለባበጥ ካቻቢቴ፣ መቁረጫ ያለው ፒንሳ
- ሁለት ሊቫ፣ ፖምፓ፣ የንፋስ መለኪያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ቁራጭ ሳሙና
- ከመነዳሪ፣ ካንዴላ፣ የካቴና መጋጠሚያ፣ ሁለት ኬብል፣ ሦስት ፊውዝ፣ የፊት አምፖል
- የተለያየ ልክ ያላቸው ጥቂት ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ በትንሽ ብልቃጥ
- ሁለት ሜትር ስስ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የራስ ባትሪ

ሁሉም አራት ኪሎ አይሞላም። የእናንተ ሞተር ቁጥሮች ከእኔ ይለያሉ፤ የእኔን ይዛችሁ መርካቶ አትሂዱ። ፖምፓዋን ደግሞ በዜሮ የተነፈሰ ጎማ ላይ ሞክሯት። የእኔ የመጀመሪያዋ 15 ላይ ደርሳ እምቢ አለች።

የማልይዘውም አለ። ትርፍ ጎማ፣ ፒስተን፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ። እነዚህ ድንገት አይሰበሩም። ቀደም ብለው ይጮሃሉ፣ ይወዛወዛሉ፣ ይንሸራተታሉ። ከመነሳት በፊት ተመርምረው የሚቀየሩ ናቸው። ደግሞም ይህ ዓይነት ትንሽ ሞተር በየከተማው ስላለ አሰላም ሮቤም ዕቃው አይጠፋም። መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ድንገት ይበላሻል ወይ? ከተበላሸ ያቆመኛል ወይ? መንገድ ዳር ራሴ እቀይረዋለሁ ወይ? ሦስቱንም አዎ ያሰኘ ይጫናል።

ጭነቱ

ከራሴ ውጭ ከ25 ኪሎ በላይ አልጭንም። ቤት ያለ ሚዛን ላይ ዕቃውን ታቅፋችሁ ውጡ፣ ክብደታችሁን ቀንሱ። ባለፈው ጉዞ 22 ኪሎ ሆነልኝ፤ መጀመሪያ 31 ነበር። የወጣው ዘጠኝ ኪሎ ሁለተኛ ጫማ፣ ሦስት ሱሪ፣ ምጣድ መሳይ ነገርና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር። በብርድ ልብሱ ፋንታ ጋቢ ገባ። ጋቢ ማታ ይለበሳል፣ ሳነቴ ላይ ከጃኬት ሥር ይታጠቃል፣ ሲጠቀለል ደግሞ ትራስ ይሆናል።

ውድ የጎን ሳጥን አያስፈልግም። መርካቶ ሸራ ከሚሰፉ ሰዎች ጋ ሄዳችሁ በኮርቻው ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ከረጢት አሰፉ። ልክ እንደ አህያ ጭነት። ሸራ ዝናብ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ልብሱን መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ አድርጋችሁ ነው ከረጢቱ ውስጥ የምታስገቡት። ላስቲኩ ዝናቡን፣ ማዳበሪያው ደግሞ የላስቲኩን መቀደድ ይከላከላል።

ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ይሁን። መፍቻ፣ ዘይትና ውኃ ከግራና ከቀኝ ከረጢቶቹ ታች፣ ወደ ጉልበታችሁ በቀረበው በኩል ይገባሉ። ሁለቱ ጎኖች ክብደታቸው ይቀራረብ። ጋቢና ልብስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ። ብዙ ሰው ቀላል ስለሆነለት መፍቻውን ሁሉ ጭራው ላይ ያስራል። ዕቃ መጫኛው ከኋላው ፔርኖ ኋላ ስለወጣ፣ እዚያ የተቀመጠ ክብደት የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ያነሳዋል። ምልክቱ በእጅ ይታወቃል። በ70 ስትነዱ መሪው ይቅለሰለሳል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ፊቱ ይቀላል። ያኔ ወርዳችሁ ዕቃውን አዘዋውሩ፤ እስኪለመድ መታገስ አያስፈልግም።

ለማሰሪያ ከጎሚስታ አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ለምኑና ሁለት ጣት ስፋት ባለው ረጅም ቁራጭ ይቁረጡላችሁ። ይለጠጣል፣ ቋጠሮው አይንሸራተትም፣ አያልቅም። ጫፍ ላይ መንጠቆ ያለው ላስቲክ ገመድ አልወድም፤ ሲወጠር አምልጦ ዓይን ይመታል። የቋጠሮው ትርፍ ጫፍ እንዳይንጠለጠል መልሳችሁ ሸጉጡት። የተንጠለጠለ ጫፍ መጨረሻው ካቴና ውስጥ ነው። በማርሚታው በኩል ያለው ከረጢት ከጋለው ብረት ቢያንስ አንድ ጭብጥ ይራቅ። አንዴ የሹራቤ ሽታ እስኪመጣ አላወቅኩም ነበር።

ታስሮ ሲያልቅ ከረጢቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ሞተሩ አብሮት ከተነቃነቀ ጥሩ ነው። ከረጢቱ ብቻ ከተነቃነቀ እንደገና ይታሰር። የኋላ መብራትና ታርጋ አለመሸፈኑንም እዩ፤ ትራፊክ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የኢንሹራንስ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አይገቡም። ላስቲክ ውስጥ ሆነው ደረት ኪስ ውስጥ ነው ቦታቸው።

ሦስት ቀን ሲቀር፦ ሙከራ

ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ከከተማ ውጡና 60 ኪሎ ሜትር ሂዱ፣ ተመለሱ። ቢቻል ዳገትና ጠጠር ያለበት ይሁን። ፍሬን ሞክሩ፤ ከበፊቱ ረዘም ብሎ እንደሚቆም ታያላችሁ። ማታ የፊቱን መብራት ግድግዳ ላይ አብሩ፤ ኋላው ዝቅ ስላለ ብርሃኑ ወደ ሰማይ ያይ ይሆናል፣ ዝቅ አድርጉት። ስትመለሱ የጥፍር ቀለሙን መስመሮች ሁሉ ተመልከቱ።

በዚሁ ጉዞ የቤንዚን ፍጆታችሁን ለኩ። ሰርባቶዮውን እስከ አፉ ሙሉ፤ ስትመለሱ እንደገና እስከ አፉ ስትሞሉ ስንት ሊትር እንደገባ እዩ። የእኔ ባዶውን በሊትር 42 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጭነት ይዞ 35። ሳነቴን ሲወጣ 30 አድርጌ ነው የማስበው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ከጎባ ዶሎ መና ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 220። በሊትር 30 ቢሄድ 7 ሊትር ከግማሽ ገደማ ይፈልጋል። ሰርባቶዮው 11 ይይዛል። ስለዚህ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ እስከ አፉ ከሞላሁ ዶሎ መና ቤንዚን ባይኖርም እመለሳለሁ። ሰርባቶዮአችሁ 8 ሊትር ከሆነ ግን ለክፉ ቀን የሚተርፍ አይኖርም። ማደያ የሚከፈለው በሞባይል ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ብር ይኑር፤ ኔትወርክ ለጠፋበት ቀን ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ለመግዛት ከተገደዳችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና ጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። የዘይት ዓይነት ወዝ ከቀረ ላምባ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሏል። ውኃን ወረቀቱ ብዙም አይነግራችሁም። ሞተሩ አስነስቶ እየሳለ ከጠፋ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ላሉና በጠርሙስ ክዳን ተቀበሉት። ውኃው ከሥር እንደ ዶቃ ተለይቶ ይታያል። ንጹሕ ቤንዚን እስኪመጣ አፍስሱና አጥብቁ።

ሳነቴ ላይ የሚሆነው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ አምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ መንገዱ በሐረና ጫካ ወርዶ ቆላው ዶሎ መና ይገባል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ እሱ ቤንዚኑን በበፊቱ ልክ መስጠቱን ይቀጥላል። ሳነቴ ላይ ያለው አየር ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል፣ ሞተሩ ይደክማል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል።

አንዳንድ መካኒክ ከመነሳታችሁ በፊት «ቤንዚኑን ልቀንስልህ» ይላል። እሺ አትበሉ። ለ4,000 ሜትር የተቀነሰ ካርቡራተር ዶሎ መና ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። በድካም መውጣት ማንንም አይጎዳም፤ ግሎ መውረድ ግን ፒስተን ያበላሻል። የምታደርጉት ይህን ብቻ ነው፦ ጎባ ላይ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ፣ ቆሞ እየጠፋ ካስቸገረ ሚኒሞውን በካቻቢቴ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ጠዋት ካልነሳ ትርፉን ካንዴላ ግጠሙ፤ የጠቆረውን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ አስቀምጡ። ስትወርዱ ሚኒሞውን መመለስ አትርሱ። ቁልቁለቱን በማርሽ ያዙት። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ሐረና መሐል ላይ የሸራ ሽታ ይመጣበታል።

ብርዱን አትናቁ። በደረቁ ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከጃኬት ሥር ደረት ላይ ጋዜጣ፣ ከካልሲ ላይ ፌስታል፣ ከጓንት ሥር ስስ ጓንት። የደነዘዘ ጣት የፍሬን መያዣውን ቶሎ አይጨብጥም።

የመነሻው ጠዋት

ከዋዜማው ስለ መንገዱ ሁኔታ ዶዶላና ሮቤ ያለ ሰው፣ ወይም ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። የዛሬ ሳምንት ደህና ነበር የሚለው መልስ አይበቃም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መንገድ ላይ እንዳትገኙ አድርጋችሁ ቀኑን ከፋፍሉ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን አሰላ ወይም በቆጂ አድራለሁ። በአንድ ቀን ሮቤ የሚገቡ አሉ፤ በ150 ሲሲ ከጭነት ጋር ግን ለወገብም ለሞተርም ብዙ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ቁሙ፣ ባትፈልጉም ቁሙ። ማሰሪያው የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሲሄድ ይረግባል፤ ከረጢቱም ቦታውን ይይዛል። እንደገና አጥብቁ። ካቴናውን በጣት ንኩት። እጃችሁን ወደ ኋላው ሞዞ አቅርቡት፤ ለእጅ እስኪያቃጥል ከጋለ የፍሬኑ ሸራ እየነካ ነው፣ የዘንጉን ዳዶ ትንሽ ላላ አድርጉ። ከዚያ ማኪያቶ ጠጡና ወደ ሞጆ ቀጥሉ።

ማታ ማታ፣ ሻወር ከመውሰዳችሁ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ለሞተሩ። ካቴናው ገና ሳይቀዘቅዝ ዘይት ቀቡት፤ ሲሞቅ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። በራስ ባትሪ ዙሩና መስመሮቹን እዩ። የሞተር ዘይቱን ግን ጠዋት ነው የምታዩት፣ በመሐል ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሳይነሳ። የተበሳ ከመነዳሪ ካለ ጎሚስታው ሳይዘጋ አስለጥፉት። በቆጂ ካደራችሁ ደግሞ ጠዋት ስትወጡ ቀስ በሉ፤ ልጆቹ ገና ጎህ ሲቀድ አስፋልቱ ዳር እየሮጡ ነው።